እቶኑ ደጃፍ የቆመው ምርት ስንት በመቶ አለቀ ይባላል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የሴራሚክ ንጣፍ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የወጪ ሂሳብ እሠራለሁ። የሂደት ወጪን የምናሰላው በክብደታዊ አማካይ ዘዴ ነው። ዘዴውን ለመለወጥ አላሰብኩም፤ የሚያሳስበኝ በወሩ መጨረሻ ያላለቀውን ምርት ወደ ተመጣጣኝ አሃድ፣ ማለትም ስንት ሙሉ ንጣፍ እንደሚያህል ወደሚያሳይ ቁጥር፣ የምንለውጥበት መንገድ ነው።

ንጣፉ በአራት ጣቢያዎች ያልፋል። በመጀመሪያ ሸክላው ተጨምቆ ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያ ማድረቂያ ክፍል ገብቶ ይቆያል፤ ቀጥሎ እቶን ውስጥ ይተኮሳል፤ በመጨረሻም ተመርምሮ ይታሸጋል። ጥሬ ዕቃው በሙሉ ከመነሻው ስለሚገባ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ የጉልበትና የተዘዋዋሪ ወጪዎችን አንድ ላይ በያዘው የመለወጫ ወጪ ላይ ነው።

ባለፈው ወር 1,000 ያላለቁ ንጣፎች ይዘን ጀመርን፤ 9,000 አዲስ አስገባን፤ 8,000 ጨርሰን አስረከብን። የቀሩት 2,000 ግን አንድ ቦታ አልነበሩም። 1,000ዎቹ ደርቀው እቶኑ ደጃፍ ተራ ይጠብቃሉ፤ 600ዎቹ እቶን ውስጥ ሆነው መተኮሳቸው ተጋምሷል፤ 400ዎቹ ተተኩሰው ምርመራ ይጠብቃሉ። የምርት ክፍል ኃላፊው ለ2,000ዎቹ በጅምላ 60 በመቶ የሚል ቁጥር ሰጠኝ። በዚህ መሠረት ያላለቀው ምርት 1,200፣ በጠቅላላው 9,200 ተመጣጣኝ አሃድ ይሆናል። ከቀዳሚው ወር የተሸጋገረውን ጨምሮ የመለወጫ ወጪው 267,600 ብር ስለሆነ ለአንዱ 29.09 ብር ይደርሰዋል።

እኔ ይህን ቁጥር አልቀበልም። 60 በመቶ የሚለው ግምት የቀን ቆጠራ ነው። ንጣፉ አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው ማድረቂያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ያ ክፍል ግን ብዙ ወጪ አይበላም። ወጪውን የሚበላው እቶኑ ነው። መዝገቦቻችንን ሳገላብጥ ከአንድ ሙሉ ንጣፍ የመለወጫ ወጪ ውስጥ 15 በመቶው ቅርጽ ሲይዝ፣ 10 በመቶው ሲደርቅ፣ 60 በመቶው ሲተኮስ፣ 15 በመቶው በምርመራና በማሸግ እንደሚወጣ አገኘሁ። በዚህ ሚዛን የደረቁት 25 በመቶ፣ እቶን ውስጥ ያሉት 55 በመቶ፣ የተተኮሱት 85 በመቶ ደርሰዋል። ተመጣጣኝ አሃዳቸው በድምሩ 920 ነው። የአንዱ ወጪ በትክክል 30 ብር ይመጣል፤ ያላለቀው ምርት የሚሸከመው የመለወጫ ወጪም 27,600 ብር ይሆናል። በኃላፊው ቁጥር ግን 34,904 ብር ነበር። 7,304 ብር የሚሆን ወጪ ባለቀው ምርት ላይ መጫን ሲገባው መጋዘን ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል ማለት ነው።

በእኔ እምነት የመለወጫ ወጪው በእኩል መጠን በማይፈስበት ፋብሪካ አንድ የጅምላ መቶኛ መቀበል ስህተት ነው። እናንተ እንዴት ትሠራላችሁ?

የተሰጡት መልሶች

ክሩ ስለረዘመና መሃል ላይ ስለተጋጋለ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች መልሶቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ ቃል አስቀምጣለሁ። የራሴንም አስተያየት በየቦታው እጨምራለሁ።

መልስ 1 የመጣው የወጪ ሂሳብ ከሚያስተምሩ ሰው ነው። በትሕትና ጀምረው ሐሳቡን በመሠረቱ ደገፉ። የመለወጫ ወጪ በሂደቱ ሁሉ በእኩል ይፈስሳል የሚለው ዓረፍተ ነገር ተማሪ ስሌቱን እንዲለማመድ ተብሎ የሚሰጥ መነሻ ግምት እንጂ የፋብሪካ ባሕርይ እንዳልሆነ፣ ብዙዎች ግን ከትምህርት ቤት ይዘውት ወጥተው እንደ ሕግ እንደሚያዩት ጻፉ። ከዚያም አንድ ጥያቄ አነሱ፤ የአራቱ ጣቢያዎች ድርሻ ከየት መጣ? የአንድ ወር ወጪ ከሆነ ያ ወር የተለየ ሊሆን ይችላል አሉ። ያየሁት የ12 ወራትን የነዳጅ፣ የመብራት፣ የደመወዝና የእርጅና ቅናሽ መዝገብ እንደሆነ መለስኩላቸው። ነዳጁን ለብቻ የሚቆጥር መለኪያ እቶኑ ላይ ስላለ በእሱ በኩል ግምት አልገባም። የሰው ጉልበት ድርሻ ግን ከፈረቃ መዝገብ የተወሰደ ስለሆነ ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም።

መልስ 2 የጻፈው ወጣት የሂሳብ ባለሙያ ሁለት ነገር አረመኝ፤ እንዳረመኝም እርግጠኛ ነበር። አንደኛ፣ በ1,200 እና በ920 መካከል ያለው ልዩነት 280 አሃድ ስለሆነ በ30 ብር ሲባዛ ስህተቱ 8,400 እንጂ 7,304 ብር ሊሆን አይችልም አለ። ሁለተኛ፣ በወሩ መጀመሪያ የነበሩት 1,000 ንጣፎች ምን ያህል ደርሰው እንደነበር ስላልነገርኩ ስሌቱ ከጅምሩ ጎደሎ ነው አለ።

መልስ 3 ላይ አንዲት ኦዲተር ገቡ። አጭርና ቆፍጠን ያለ አጻጻፍ አላቸው። ሁለተኛውን ነጥብ በአንድ መስመር ዘጉት፤ የመጀመሪያው ክምችት ምን ያህል ደርሶ ነበር ብሎ የሚጠይቀው ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል የሚለው ዘዴ ነው፤ ክብደታዊ አማካይ ግን የተሸጋገረውን ወጪ ከወሩ ወጪ ጋር ስለሚቀላቅለው ያለቀውን ሁሉ እንደ ሙሉ አሃድ ይቆጥራል፤ መቶኛ የሚፈልገው ለመጨረሻው ክምችት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ነጥብ ሲያርሙ ትንሽ ዘርዘር አደረጉ። መቶኛው ከፍ ሲል ያላለቀው ምርት ብዙ አሃድ ያገኛል፤ በዚያው ልክ ግን አካፋዩ ስለሚያድግ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ኃላፊው የሰጠው 1,200 የሚባዛው በ29.09 እንጂ በ30 አይደለም። ስለዚህ ስህተቱ ከ8,400 ያንሳል። ወጣቱ አመስግኖ ተቀበለ። እንዲህ ዓይነት እርማት በጨዋነት ሲያልፍ ማየት ደስ ይላል፤ ከሁለት መልስ በኋላ ግን ይህ ድባብ ተለወጠ።

መልስ 4 ጥያቄውን ስቶታል። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ የእኔን ጉዳይ በሂደቱ መሃል ስለሚጨመር ጥሬ ዕቃ የቀረበ አድርገው ወሰዱት። ማቅለሚያው እነሱ ዘንድ የሚገባው ግማሽ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ያን ነጥብ ያለፈ በርሜል ሁሉ ለማቅለሚያው 100 በመቶ፣ ያላለፈ ደግሞ ዜሮ እንደሚቆጠር በረጅሙ አስረዱ። እቶን፣ ነዳጅ፣ ማድረቂያ የሚባል ነገር ጽሑፋቸው ውስጥ የለም። ሆኖም ይህ መልስ ለክሩ ከማንም በላይ ጠቅሟል። ምክንያቱን መልስ 7 ላይ ታያላችሁ።

መልስ 5 ተቆጥቶ የመጣ ነው። ረጅም ዘመን የምርት ክፍል ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የሂሳብ ሰዎች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሠራተኛውን ግምት ሲንቁ ማየት እንደሰለቻቸው፣ 60 በመቶ ያለው ሰውም ከማንም በላይ ምርቱን የሚያውቅ እንደሆነ ጻፉ። ከቁጣው ሥር ግን ትልቅ ቁም ነገር ነበር። የምርት ሰው ምርቱ የት ደርሷል ተብሎ ሲጠየቅ ለመጨረስ የቀረውን ጊዜ ያስባል፤ ሥራውን የሚያቅደው በጊዜ ነውና። ስንት ብር ወጥቶበታል ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ጥያቄው የተሳሳተ ሆኖ ሳለ መልስ የሰጠው ሰው ለምን ይወቀሳል አሉ። በዚህ እስማማለሁ። ለኃላፊያችን በየወሩ የምንልከው ቅጽ ላይ ያለው ክፍት ቦታ የሚጠይቀው የመጠናቀቅ መቶኛ ብሎ ብቻ ነው፤ የምን መቶኛ እንደሆነ አይናገርም።

መልስ 6 ነገሩን አከረረው። ስሙን ያልገለጸ ተሳታፊ የምርት ኃላፊዎች መቶኛውን ሆን ብለው ከፍ እንደሚያደርጉት፣ ምክንያቱም የአንዱ ወጪ ዝቅ ብሎ ሲታይ የሚመሰገኑት እነሱ እንደሆኑ ጻፈ። የመልስ 5 ጸሐፊ ወዲያው ስድብ ቀረሽ ምላሽ ሰጡ፤ የመድረኩ አስተባባሪም ሁለት መልእክቶችን አነሳ። እኔ ይህን ውንጀላ በእኛ ኃላፊ ላይ አልቀበለውም፤ የሚሸለምበትም የሚያጣበትም ነገር የለም። አቅጣጫው ግን እውነት ነው። ያላለቀው ምርት መቶኛ ሲጨምር የአንዱ ወጪ ይቀንሳል፤ የተሸጠው ምርት ወጪ ያንሳል፤ ትርፉ ያድጋል። ስለዚህ ግምቱን የሚሰጠው ሰው በአንዱ ወጪ የሚመዘን ከሆነ ያ ቁጥር ከእሱ ውጭ ባለ ሰው መረጋገጥ አለበት። ለዚህ ደግሞ ማንንም ሌባ ማለት አያስፈልግም።

መልስ 7 ክሩን ወደ ሥራው መለሰው። የጻፉት ሴት መስታወት ፋብሪካ ውስጥ የወጪ ሂሳብ ኃላፊ ሆነው ብዙ ዓመት የሠሩ ናቸው። መልስ 4ን ማንም እንዳይንቀው ካሳሰቡ በኋላ፣ የቀለም ፋብሪካው ሰው ስለ ማቅለሚያው የተናገሩት ለመለወጫ ወጪም እንደሚሠራ አሳዩ። አራቱን ጣቢያዎች በአንድ መቶኛ ማጠፍ ለምን አስፈለገ? እያንዳንዱን ጣቢያ ለብቻው እንደሚጨመር ዕቃ ብንቆጥረው፣ ስንት በመቶ አለቀ የሚለው ጥያቄ ስንት ንጣፍ በዚህ ጣቢያ አለፈ ወደሚል ይቀየራል። መቶኛ ይገመታል፤ ያለፈ ንጣፍ ግን ይቆጠራል።

በእኔው ቁጥሮች ሠርተው አሳዩ። ቅርጽ በመያዝ ያለቁት 8,000ም የቀሩት 2,000ም አልፈዋል፤ ተመጣጣኝ አሃዱ 10,000 ነው። በማድረቅም እንዲሁ 10,000። በእቶኑ 8,000 ያለቁት፣ 400 የተተኮሱት፣ ከተጋመሱት 600 ደግሞ 300፣ በድምሩ 8,700። በምርመራና በማሸግ 8,000 ብቻ። ግምት የገባው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እቶኑ ውስጥ ላሉት 600። ቀጥሎ ወጪውን በየጣቢያው አካፈሉ። ቅርጽ ማውጣት 45,000 ብር ለ10,000፣ የአንዱ 4.50። ማድረቅ 30,000 ለ10,000፣ የአንዱ 3 ብር። መተኮስ 156,600 ለ8,700፣ የአንዱ 18 ብር። ምርመራና ማሸግ 36,000 ለ8,000፣ የአንዱ 4.50። ተደምሮ 30 ብር። ያላለቁት 2,000 የሚሸከሙት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣቢያዎች 15,000፣ ከእቶኑ 12,600፣ ከማሸጊያው ምንም፤ ማለትም 27,600 ብር። ሚዛን ሰጥቼ ካገኘሁት ጋር እስከ ሳንቲሙ ገጠመ።

መልስ 8 ይህንኑ መግጠም ይዞ ተነሳ። ጸሐፊው የአንድ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ሥራ ማብዛት አይወዱም። መልሱ አንድ ከሆነ አራት ስሌት ለምን ይሠራል? ግፋ ቢል ጉልበቱንና ተዘዋዋሪውን ወጪ ለሁለት መክፈል ይበቃል አሉ። ጉልበቱ የሚበዛው በቅርጽ ማውጣትና በማሸግ ላይ፣ ተዘዋዋሪው ደግሞ በእቶኑ ላይ ስለሆነ የሁለቱ ተመጣጣኝ አሃድ ይለያያል። የየጣቢያውን ጉልበትና ተዘዋዋሪ ወጪ እንድልክላቸው ጠይቀው ሲሠሩት ለጉልበት 9,070፣ ለተዘዋዋሪ 8,845 አሃድ ሆነ፤ ያላለቀው ምርት ወጪ አሁንም 27,600 መጣ። እንግዲህ በሦስት መንገድ አንድ መልስ ነው፤ በጣም ቀላሉን እንያዝ የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ።

ይህ መልስ አሳማኝ ይመስላል፤ ከክሩ አንባቢዎችም ብዙዎቹ ተስማሙ። የመስታወት ፋብሪካዋ ባለሙያ መልስ 9ን የጻፉት ለዚህ ነው። ሦስቱ መንገዶች የገጠሙት የሰጠሁት ሚዛን ከዚህ ወር ትክክለኛ ወጪ ጋር ስለገጠመ ብቻ ነው አሉ። ሚዛኑ 60 በመቶው የእቶኑ ነው ይላል፤ በዚህ ወርም 60 በመቶው የእቶኑ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ግን የምርቱ ብዛትና የሚቆምበት ቦታ ሳይለወጥ የእቶኑ ነዳጅ በ40,000 ብር ቢጨምርስ? በአንዱ የጅምላ ሚዛን ያላለቀው ምርት 31,726 ብር ይሸከማል። በጉልበትና በተዘዋዋሪ ለሁለት ሲከፈል 31,421። በየጣቢያው ሲሠራ 30,818። ልዩነቱ የሚመጣው ከእነዚያ ደጃፍ ላይ ከቆሙት 1,000 ንጣፎች ነው። እሳት አይተው አያውቁም፤ የተጨመረው ነዳጅ አንድ ሳንቲም እንኳን አይመለከታቸውም። የጅምላው መቶኛ ግን ጭማሪውን በሁሉም ላይ ስለሚበትነው እነሱም ይደርሳቸዋል። የሁለቱ ክፍልፋይም ቢሆን ነዳጁን ከሌላው ተዘዋዋሪ ወጪ ጋር ስለሚቀላቅል ችግሩን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

የፋይናንስ ኃላፊው 900 ብር ለሚሆን ልዩነት ይህን ሁሉ መድከም ዋጋ የለውም ብለው ጸኑ። እሳቸውም ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አለ። ከ60 በመቶው የጅምላ ግምት ወደ ሚዛኑ መሸጋገር 7,304 ብር አስተካክሏል፤ ከሚዛኑ ወደ ጣቢያ መሸጋገር ግን ከዚያ ስምንተኛ እጅ ገደማ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው መጀመሪያ የቱን ማስተካከል እንዳለበት ከዚህ ይታያል። እኔ ወደ ጣቢያው አደላለሁ፤ የእኛ ነዳጅ ወጪ ከወር ወር የሚዋዥቅ ነውና። የኃይል ወጪው የማይናወጥ ፋብሪካ ሌላ ውሳኔ ቢወስን አልከራከርም።

መልስ 10 እንደገና የአስተማሪው ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። የብዙ ሰው መተማመኛ የሆነውን ማረጋገጫ አፈረሱት። ሁላችንም ስሌቱ ሲያልቅ ያለቀው ምርት ወጪ ሲደመር ያላለቀው ምርት ወጪ ከጠቅላላው ጋር እኩል መሆኑን እናያለን፤ እኩል ከሆነ ደብተሩን እንዘጋለን። እሳቸው ግን በተሳሳተው 60 በመቶም ቢሆን ድምሩ ያው 267,600 እንደሚሆን አመለከቱ። በ40 በመቶም፣ በ90 በመቶም ይገጥማል። አካፋዩና አባዢው ከአንድ ግምት የሚወለዱ በመሆናቸው ድምሩ ግምቱን ሊያጋልጥ አይችልም። የሚያጋልጠው የመደመር ስህተትን ብቻ ነው።

ታዲያ በምን ይታወቃል? የአንዱን የመለወጫ ወጪ የብዙ ወራት ቁጥር በአንድ መስመር፣ በየወሩ መጨረሻ እቶኑ ደጃፍ የቆመውን ብዛት በሌላ መስመር ጎን ለጎን አስቀምጡ አሉ። ሰልፉ በረዘመበት ወር የአንዱ ወጪ የሚወርድ፣ ሰልፉ ባጠረበት ወር የሚወጣ ከሆነ መቶኛው ላልተተኮሰው ምርት ያልተገባ ድርሻ እየሰጠው ነው። እቶኑ የሰልፉን ርዝመት አይቶ ነዳጅ አይቀንስምና። ይህን በእኛ መዝገብ ላይ ሞከርኩት፤ ሁለቱ መስመሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ በዓይን ይታያል። ለሥራ አስኪያጃችን ያቀረብኩትም ስሌቱን ሳይሆን ይህን ሥዕል ነው፤ ያለ ብዙ ማብራሪያ ተረድተውታል።

መልስ 11 ላይ ኦዲተሯ ተመልሰው መጡና ስለ ተግባራዊነቱ አንድ እንቅፋት ጠቆሙ። ክብደታዊ አማካይ ከባለፈው ወር የተሸጋገረውን ወጪ ይቀላቅላል። ወጪው በየጣቢያው እንዲሰላ ከተፈለገ የተሸጋገረውም በየጣቢያው ተከፍሎ መምጣት አለበት። የእኛ መዝገብ ግን የተሸጋገረውን የመለወጫ ወጪ በአንድ መስመር ነው የያዘው። ባለፈው ወር ማብቂያ በየጣቢያው የነበረውን ብዛት ከቆጠራው ወረቀት ወስደሽ በዚያ መጠን ከፋፍዪው፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መዝገቡ ራሱ በየጣቢያው ይይዘዋል የሚል ምክር ሰጡ። ቀጥለውም የድሮው መቶኛ ስህተት በተሸጋገረው ወጪ ውስጥ ተደብቆ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ወር ንጹሕ እንደማይሆን አስጠነቀቁ። ባለፈው ወር መጨረሻ በዝቶ የተቆጠረው ክምችት በዚህ ወር እንደ ወጪ ሆኖ ይገባል፤ አብዛኛውም ካለቀው ምርት ጋር ይወጣል። ስለዚህ የመሸጋገሪያውን ወር የአንድ አሃድ ወጪ ከሌላ ወር ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

መልስ 12 እና 13 ከርእሱ ወጡ። አንዱ ይህን ሁሉ የሚሠራ የሂሳብ ሶፍትዌር ገዝተው እንደተገላገሉ ጻፈ፤ ሌላው ደግሞ ሶፍትዌሩም ቢሆን መቶኛውን ከሰው ተቀብሎ እንደሚያሰላ መለሰለት። ከዚያ ስለ ኤክሴል ሰንጠረዥ ጭቅጭቅ ተነሳ። እዚህ ላይ አልዘገይበትም።

መልስ 14 እቶን ውስጥ ስለሚሰነጠቁ ንጣፎች ጠየቀ። ጠያቂዋ ስብራቱ ከተመጣጣኝ አሃድ ውስጥ መቆጠር አለበት ወይስ የለበትም ትላለች። የመስታወት ፋብሪካዋ ባለሙያ ባጭሩ ሲመልሱ ስብራቱ የሚታወቀው በምርመራ ላይ ከሆነ የተሰበረው ንጣፍ የእቶኑን ወጪ ሙሉ በሙሉ እንደበላ፣ ስለዚህ በእቶኑ አሃድ ውስጥ መቆጠር እንዳለበት፣ በጤናማ ሂደት የሚጠበቀው ስብራት ወጪም ምርመራውን ባለፉት ጥሩ ንጣፎች ላይ እንደሚጫን ተናገሩ። እኔ ከላይ ያቀረብኩት ወር ስብራት የሌለበት ተደርጎ የተሠራ ነው። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

መልስ 15 ደግሞ ቋሚ ወጪን አነሳ። ጸሐፊው ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 2 ክብደታዊ አማካይን እንደሚፈቅድ፣ ነገር ግን ቋሚ የማምረቻ ወጪ በመደበኛው የማምረት አቅም ላይ ተመሥርቶ እንዲደለደል እንደሚጠይቅ አስታወሱ። እቶኑ ግማሽ ወር ቆሞ ቢውል የእርጅና ቅናሹን በሙሉ በጥቂቶቹ ንጣፎች ላይ መጫን አይቻልም፤ ያልተደለደለው የዚያው ወር ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ይህ ተመጣጣኝ አሃድን አይለውጥም፤ ከላይ የሚቀመጠውን የእቶን ወጪ ግን ይለውጣል። ልክ ናቸው፤ 156,600 ብሩን ከማካፈሌ በፊት ማጣራት ያለብኝ ነገር ነው።

መልስ 16 እስካሁን ያልተዘጋ ነገር ይዞ መጣ። የጻፉት የእቶን ቴክኒሻን ናቸው፤ የሂሳብ ሰው እንዳልሆኑ ተናግረው ጀመሩ። ሁላችንም ያለ ክርክር ያለፍናትን ግማሽ ያዟት፤ 600ዎቹ ንጣፎች መተኮሳቸው ተጋምሷል ስል በምን ለክቼ ነው? በሰዓት ከሆነ መልስ 5 ላይ የተነሳው ችግር እቶኑ ውስጥም አለ ማለት ነው። በየዙሩ ተሞልቶ በሚዘጋ እቶን ነዳጁ የሚነድደው ሙቀቱ እስኪወጣና እላይ እስኪቆይ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ረጅም የማቀዝቀዣ ሰዓት ነዳጅ አይፈልግም ማለት ይቻላል። በሰዓት የተጋመሰ ዙር በነዳጅ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ሊሆን ይችላል። ምርቱ በተሽከርካሪ እየተገፋ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በሚወጣበት ረጅም እቶን ግን ንጣፎቹ በየደረጃው ተሰልፈው ስለሚገኙ ግማሽ ማለት ከእውነቱ ብዙ ላይርቅ ይችላል።

የእኛ እቶን የመጀመሪያው ዓይነት ነው። 600ዎቹ አንድ ዙር ናቸው። የጉልበቱንና የእርጅና ቅናሹን ድርሻ ጨምሮ ከእቶኑ ወጪ 90 በመቶው ደርሷቸው ነበር ብንል፣ የእቶኑ ተመጣጣኝ አሃድ 8,940፣ የአንዱ የመተኮሻ ወጪ 17.52 ብር ይሆናል። ያላለቀው ምርት የሚሸከመው በ3,866 ብር ይጨምራል። ከ7,304 ብሩ ከግማሽ በላይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ያውም ወደ ኃላፊው ቁጥር አቅጣጫ።

የመስታወት ፋብሪካዋ ባለሙያ ለዚህ ሲመልሱ እርጅናውን በነዳጅ መለካት እንደማይስማሙበት ጻፉ። በማቀዝቀዣው ሰዓትም እቶኑ ተይዟል፤ ሌላ ዙር ሊገባበት አይችልም፤ ስለዚህ ነዳጁ በሙቀት መዝገብ፣ እርጅናው በሰዓት መለካት አለበት ባይ ናቸው። ቴክኒሻኑ የጥገና ወጪውስ ብለው ጠየቁ፤ የእቶኑን ጡብ የሚጎዳው የሙቀቱ መውጣትና መውረድ ነው እንጂ የሰዓቱ ብዛት አይደለም ብለው ይከራከራሉ። የፋይናንስ ኃላፊው ይህን ሲያዩ አንዱን እቶን ለሦስት ልትከፍሉት ነው ብለው ተቃወሙ። ሦስቱ እስካሁን አልተስማሙም።

እኔ የወሩን የመጨረሻ ሌሊት የሙቀት መዝገብ ከእቶን ክፍሉ ጠይቄአለሁ። ቆጠራው ሲካሄድ እቶኑ ገና እየጋለ ነበር ወይስ መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር የሚለውን መዝገቡ ይነግረናል፤ እንደደረሰኝ ቁጥሩን እዚሁ ክር ላይ አስገባዋለሁ። በየዙሩ በሚሞላ እቶን የሚሠራ ሌላ የወጪ ሂሳብ ሰው ካለ፣ የእርጅና ቅናሹን በምን እንደሚለካ ቢጽፍልን እወዳለሁ።